«40,000 የነበረው 30,000»፦ ያልነበረው የፋሲካ ቅናሽ

በ2013 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ነበር የዋለው። በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በነበረችው ሱቄ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ላዩ በአማርኛ፣ ታችኛው በዐረብኛ ነበር። «የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ 40,000 ፓውንድ የነበረው 30,000! 25 በመቶ ቅናሽ! የቀሩት 3 ብቻ! መላኪያ በነጻ!» ይላል። ዐረብኛውም ያው ነው፤ «ተኽፊዳት»፣ «አል ከሚያ መህዱዳ»፣ «ተውሲል መጃኒ»። ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ አንድ ላይ የገጠሙበት ዓመት ስለነበር የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ እነዚህን ሦስት ቃላት ለጥፎ ነበር።

በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሁሉ እውነቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ 30,000 የሚለው። የቀረውን እኔው ፈጥሬዋለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር ይህንኑ ወረቀት በስልክ እየላክን ያለን ነጋዴዎች ብዙ ነን፤ የሚገዙን ደግሞ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ እንፈትሻቸው። እያንዳንዱ እውነት የሚሆንበት መንገድ አለው፤ ሐሰት መሆኑም የሚታወቅበት መንገድ አለው።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን በለጠፍኩ በማግስቱ ኦምዱርማን ሻይ የምትሸጥ እህታችን መጣች። ቀሚሱን አገላብጣ አየችና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጋሼ፣ እስከ ነገ ቢያቆዩልኝ?» አለችኝ። «እህቴ፣ ሦስት ብቻ ነው የቀረው፤ ለነገ ቃል አልገባልሽም» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና ባንካክ ላይ ገብታ ገንዘቡን አስተላለፈችልኝ። ዕቃ ልትገዛ ወደ ገበያ እየሄደች ስለነበር ቀሚሱ ከሰዓት በኋላ ቤቷ እንዲላክላት ነገረችኝና ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት ከከፈለችው ውስጥ 10,000ው ለእናቷ የበዓል መዋያ ልትልክ ያስቀመጠችው ነበር። ቅናሹ ካመለጠኝ አላገኘውም ብላ ነው የነካችው።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ የጓደኛዋን የባንካክ ደረሰኝ አሳየችኝ። ቀኑ ማርች 30፣ መጠኑ 28,000፣ ተቀባዩ እኔ። ዕቃው ያው ቀሚስ፣ ያው ጥለት ነው። «እሷ በ28,000 ወስዳ ራሷ ይዛው ሄደች። እኔ 30,000 ከፍዬ፣ ለመላኪያው ልጅ ደግሞ 1,500 ጨምሬ 31,500 አወጣሁ። ታዲያ ጋሼ፣ 40,000 የገዛዎት ማን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም በ40,000 የገዛ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፤ «የነበረው ዋጋ»።

ደብተሬ ላይ የነበረውን ልዘርዝረው። ጥር ላይ ያን ቀሚስ በ24,000 ሸጬዋለሁ። መጋቢት ላይ 28,000 አደረግሁት፤ በዚህም ዋጋ ብዙ ሰው ገዝቶኛል። ሚያዝያ 10 ቀን 40,000 ብዬ ዋጋ ለጠፍኩ። አራት ቀን ቆየ፤ ማንም አልገዛም፤ እንዲገዛም አልፈለግሁም። ሚያዝያ 14 ቀን 40,000ውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ 30,000 ጻፍኩ። ወረቀቱ 25 በመቶ ቀንሷል ይላል። ደብተሩ ግን ከ28,000 ወደ 30,000 እንደጨመረ፣ ማለትም ወደ 7 በመቶ እንደተወደደ ይናገራል። ሴትየዋ የገዛችው ጭማሪ ነው፤ የተነገራት ግን ቅናሽ ነው።

ይህ ዘዴ ካርቱም ውስጥ አልተፈለሰፈም፤ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ መላ አበጀለት። ነጋዴ ቅናሽ አደረግሁ ሲል ቀድሞ የነበረ ዋጋ ብሎ ማሳየት ያለበት፣ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ዝቅተኛ የሚለውን ልብ በሉ። አራት ቀን ሰቅሎ አምስተኛው ቀን የሚያወርድ ሰው በዚህ መለኪያ ምንም አያተርፍም። በመስከረም 2024 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት አልዲ ሱድ የተባለውን የጀርመን ሱፐርማርኬት በተመለከተ ክርክር ላይ አንድ ነገር ግልጽ አደረገ። የ30 ቀኑን ዝቅተኛ ዋጋ በትንሽ ጽሑፍ ከሥር ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ በትልቁ የሚጻፈው የቅናሽ በመቶኛም ከዚያው ዝቅተኛ ዋጋ ተነሥቶ መሰላት አለበት። በእኔ ወረቀት ላይ ብናሰላው መነሻው 28,000 ነው፤ ስለዚህ የሚጻፍ ቅናሽ የለም።

እዚህ ላይ ነጋዴ ወንድሞቼ የሚያነሡትን ክርክር አውቀዋለሁ፤ እኔም ለራሴ ስለው ኖሬያለሁ። «አውሮፓ ሌላ ነው። እኛ የምንሸጠው በየሳምንቱ በሚወድቅ ገንዘብ ነው» ይባላል። ክርክሩ ውሃ የሚቋጥር ነው። በየካቲት 2013፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2021፣ የሱዳን መንግሥት አንድ ዶላር በ55 ፓውንድ የነበረውን ይፋዊ ምንዛሪ በአንድ ቀን 375 አደረሰው። በዚያው ዓመት ክረምት የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር። ቀሚሱን ከሽሮ ሜዳ መልሶ ለማምጣት የሚያስፈልገኝ ፓውንድ በየወሩ ይጨምር ነበር። በ28,000 መሸጤን ብቀጥል ኖሮ በሚቀጥለው ጉዞ በሦስት ቀሚስ ገንዘብ ሁለት ብቻ ይዤ የምመለስበት ጊዜ ይመጣ ነበር።

ነገር ግን ክርክሩ የሚያስረዳው ዋጋ ለምን እንደሚጨምር ነው። ጭማሪውን ቅናሽ ብሎ ለመጥራት ፈቃድ አይሰጥም። እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዋጋ በየወሩ በሚወጣበት ከተማ ከባለፈው ወር ዋጋ በታች መሸጥ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ነጋዴ ያለ ምክንያት አያደርገውም። የበዓል ዕቃ ከበዓሉ በኋላ ሲተርፍ፣ ጨርቁ ፀሐይ ሲመታው፣ የሲኒው ስብስብ አንድ ሲጎድለው፣ ወይም ነጋዴው ለሌላ ዕቃ ጥሬ ገንዘብ ቶሎ ሲያስፈልገው ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በንረት ጊዜ «25 በመቶ ቀንሷል» የሚል ወረቀት ያየ ገዢ «ለምን ቀነሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። እውነተኛ ቅናሽ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የሐሰቱ ግን «ለበዓል ነው» ከማለት አያልፍም፤ በዓል ደግሞ ፈላጊ የሚበዛበት፣ ዋጋ የሚጨምርበት ሰሞን ነው።

ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማታለያ ይመጣል፤ የነበረውን ዋጋ በአንድ ገንዘብ፣ አሁን ያለውን በሌላ ገንዘብ መናገር። «አዲስ አበባ ይህን ያህል ብር ነው፣ እዚህ ግን በዚህን ያህል ፓውንድ ብቻ» ይባላል። ብሩ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደታሰበ ካልተነገረ ንጽጽሩ ባዶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሁለት ሳምንት አካባቢ ከ100 በላይ ሆነ። እንቁጣጣሽ የመጣው ከዚያ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ «የነበረው ዋጋ» የሚለው ቃል ቀን ካልተጻፈበት ማንኛውንም ነገር ማለት ይችል ነበር። በሁለት ገንዘብ የምንነግድ ሰዎች ስለሆንን ይህ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከተናል። የዋጋ ንጽጽር በአንድ ገንዘብ ይሁን፤ ሁለት ገንዘብ ካስፈለገም ቀኑና ምንዛሪው አብሮ ይጻፍ።

«የሱቅ ክርክር ድሮም ያለ ነው፤ 40 ብሎ ጠርቶ በ30 መሸጥ ምን ኃጢአት አለው?» የሚለኝም አለ። ልዩነቱ ይህ ነው። በክርክር ላይ 40 ስል የምጠይቀውን ነው የተናገርኩት፤ ገዢዋም 25 ትለኛለች፤ ሁለታችንም ጨዋታውን እናውቀዋለን። 40 ጽፌ ስሰርዘው ግን «ሌሎች ሰዎች ይህን ከፍለዋል» ብዬ ስላለፈው ነገር መመስከሬ ነው። ያ ምስክርነት ሐሰት ነው። ሱዳናዊው ጎረቤቴ ነገሩን ሲሰማ «ይህማ የነጀሽ ወንድም ነው» አለኝ። ነጀሽ የሚባለው አንድ ሰው የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው ሌላውን ለማስወደድ ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠራ ነው፤ በእስልምና የንግድ ሥርዓት የተከለከለ ነው። የእኔ የተሰረዘ 40,000 በገበያው ውስጥ የሌለ ገዢ ነበር፤ እሱ ዋጋ ጠርቶ ሴትየዋን አስወደደባት።

ሁለተኛው ቃል «የቀሩት 3 ብቻ» ነው።

ያን ቀን መስቀያው ላይ ሦስት ቀሚስ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ነበር። አንዱ ሲሸጥ ከጀርባ አንዱን አውጥቼ እሰቅላለሁ። ወረቀቱ አንድ ሳምንት ሙሉ «የቀሩት 3 ብቻ» እያለ ቆየ። ብልጥ ገዢ ብትኖር ኖሮ በዚህ ብቻ ትይዘኝ ነበር። እውነተኛ የቀሪ ቁጥር ይቀንሳል፤ በሳምንት ያልቀነሰ ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ይህ ሐሰት በካርቱም በቀላሉ የሚታመነው ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ ነው። በዚያው ክረምት ሱዳን የገላባትን መሻገሪያ ዘጋች፤ በመተማ በኩል የሚመጣ ዕቃ ቆመ። በመስከረም ደግሞ በምሥራቅ ሱዳን የቤጃ ተቃዋሚዎች የፖርት ሱዳንን ወደብ ዘጉ፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ዘለቀ። በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽና መስቀል ሲመጡ «ዕቃ የለም፣ የሚመጣም አይታወቅም» ያለ ነጋዴ እውነቱን ነበር። ይህን ያየች ገዢ በሚቀጥለው በዓል «ጥቂት ነው የቀረው» ስትባል ያን ጊዜ አስታውሳ ትሮጣለች። እኛ የምንነግደው በድንበሩ መዘጋት ፍርሃት ላይ ነው። ድንበሩ ሲዘጋ ያጣነውን ገንዘብ ድንበሩ ክፍት እያለ ከድኻ ኪስ እናወጣዋለን።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ቃል እንዴት እንደሚያየው ማወቅ ይጠቅማል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ካርቱም ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነው። ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ያስተዋወቁትን ዕቃ ሸማቹ በሚፈልገው መጠን አለመሸጥንም ይከለክላል፤ ማስታወቂያው ብዛቱ ውስን መሆኑን ከገለጸ ግን ነጋዴው ከዚህ ነጻ ነው። በዚህ አነጋገር «ብዛቱ ውስን ነው» የሚለው ቃል ለገዢው የቆመ ነው። ከኦምዱርማን ድልድይ ተሻግራ መጥታ «አልቋል» እንዳትባል አስቀድሞ የሚሰጣት ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ማስጠንቀቂያውን ገልብጠን መንጃ ጅራፍ አደረግነው።

እውነተኛው አጻጻፍ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ ስንት እንደነበረ፣ ዛሬ ስንት እንዳለ፣ ሌላ የሚመጣ መኖሩን ይናገራል። «22 አምጥቻለሁ፤ ዛሬ ሚያዝያ 14 ቀን 22ቱም አሉ፤ ከፋሲካ በፊት ሌላ አይመጣም» ብል ኖሮ ሴትየዋ እስከ ነገ ማሰብ ትችል ነበር። የእናቷን ገንዘብ ሳትነካ ሌላ ሁለት ቀን ሻይ ሸጣ ልትሞላው ትችል ነበር። የሐሰቱ ቁጥር የወሰደባት 2,000 ፓውንድ ብቻ አይደለም፤ የማሰቢያ ቀኗንም ነው። የዕቃው ዋጋ ትክክል ቢሆን እንኳ ይህ ሐሰት ብቻውን ሰው ይጎዳል። በቂ ያለው ነጋዴ የሚዋሸው ገዢዋ ሌላ ሱቅ ገብታ እንዳታወዳድር ነውና።

ሦስተኛው «መላኪያ በነጻ» የሚለው ነው።

ወረቀቴ ላይ ከዚህ ቃል ሥር በጠባብ ጽሑፍ «ከ50,000 በላይ ለሚገዙ፣ ካርቱም ብቻ» ይላል። አንድ ቀሚስ 30,000 ነው። ስለዚህ አንድ ቀሚስ የሚገዛ ሰው፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ደንበኞቼ፣ ነጻውን አያገኝም። «ካርቱም» ደግሞ ሦስት ከተማ ነው፤ ካርቱም፣ ባህሪና ኦምዱርማን። ሰው ሁሉንም ካርቱም ብሎ ይጠራል። እኔ ግን ድልድይ ካለፈ አልቆጥረውም ነበር። ሴትየዋ ይህን ያወቀችው ልጁ በሯ ላይ ቆሞ 1,500 ሲጠይቃት ነው። ቀሚሱ በር ላይ ደርሷል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ እምቢ ብትል ምን ታተርፋለች?

እንዲህ ያለውን በቀላሉ የሚፈትሽ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ራሴ መጥቼ ብወስደው ስንት ነው?» የሚል። ሌላ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጥቅል ሽሮና በርበሬ «15,000፣ መላኪያ በነጻ» ተብሎ ይሸጣል እንበል። ሱቅ ድረስ ለሚመጣ ያው ጥቅል 13,500 ከሆነ መላኪያው 1,500 ነው፤ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተደብቋል። ለሁለቱም 15,000 ከሆነ ደግሞ በእግሩ የመጣው ሰው የሌላውን መላኪያ እየከፈለ ነው። በዋጋ ውስጥ ማካተት ነውር አይደለም፤ ብዙ ነጋዴ እንዲያ ያደርጋል፤ ለገዢም ሒሳቡ ይቀላል። ነገር ግን ስሙ «ነጻ» ሳይሆን «መላኪያው በዋጋው ውስጥ ነው» መሆን አለበት። ነጻ የሚባለው በእግሩ ለመጣውም ሆነ ቤቱ ለሚላክለት ዋጋው አንድ ሆኖ፣ ያም ዋጋ ለመላኪያው ተብሎ ያልተጨመረበት ሲሆን፣ ወጪውም ከነጋዴው ትርፍ ላይ ሲወጣ ነው።

ነጻ መላኪያን በቅን ልብ ቃል የገባ ነጋዴም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በሰኔ 2021 የሱዳን መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ሲያነሣ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ150 ፓውንድ ወደ 290 ተሻገረ። የራክሻና የሞተር ሒሳብ ወዲያው ተከተለ። የማለቂያ ቀን ሳይጽፍ «መላኪያ በነጻ» ያለ አንድ ወዳጄ ሁለት ምርጫ ቀረለት፤ በኪሳራ መላክ ወይም ቃሉን ማጠፍ። አጠፈ፤ ደንበኞቹም ከመጀመሪያው ሊያታልለን ነበር ብለው ደመደሙ። ስለዚህ ሦስት ነገር በትልቁ ጽሑፍ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከስንት በላይ ለሚገዛ፣ እስከየትኛው ሰፈር ወይም ድልድይ፣ እስከየትኛው ቀን። ይህ የማይበቃበት ወረቀት ካለ «መላኪያ በነጻ» የሚለውን መተው ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ሴት ልመለስ። ደረሰኙን ካየሁ በኋላ 3,500 ፓውንድ መለስኩላት፤ በጓደኛዋ ዋጋ አደረግሁላት ማለት ነው። ተቀበለችኝ፤ ነገር ግን ለበዓል ዕቃ ተመልሳ ወደ ሱቄ አልመጣችም። ይህን ያነሣሁት በገንዘብ ሁሉ ይታረማል ብላችሁ እንዳታስቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ለውጥ ትንሽ ነው። በደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ የበዓል ዕቃ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተሸጠው ብዛት፣ የቀረው። ማስታወቂያ ከመጻፌ በፊት ያለፉትን 30 ቀናት አያለሁ። ያስተማረችኝ እሷው ናት። እኔ ደብተሬን መደበቅ እችል ነበር፤ የባንካክ ደረሰኝ ግን በሁለታችንም ስልክ ላይ ቀንና መጠን ይዞ ይቀመጣል። በጥሬ ገንዘብ ዘመን የነበረው ዋጋ የነጋዴው ቃል ብቻ ነበር። አሁን ደንበኞች እርስ በርስ ደረሰኝ ቢተያዩ ሐሰቱ በአምስት ደቂቃ ይገለጣል። ደረሰኙ ዕቃው ምን እንደሆነ አይነግርም፤ ስለዚህ ስታስተላልፉ አስተያየት መጻፊያው ላይ የዕቃውን ስም ጻፉበት። ለሻጭም ለገዢም ማስረጃ ይሆናል።

ያ ዓመት እንቁጣጣሽ ሲመጣ በሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የሐበሻ ቀሚስ 34,000። ባለፈው ወር 31,000 ነበር፤ ምንዛሪና ትራንስፖርት ስለጨመረ ጨምሯል። ዛሬ 14 አለ። መላኪያ ለብቻ ይታሰባል።» እውነቱን ልናገር፤ ብዙ ሰው አንብቦ አለፈኝ። ማዶ ያለው ሱቅ «30 በመቶ ቅናሽ» ብሎ ለጥፎ ነበርና ወደዚያ ሄዱ። አራት ቀሚስ ተርፎብኝ እስከ መስቀል አቆየሁት። በሐቅ መነገድ ወዲያው ገበያ ያመጣል የሚላችሁ ሰው ሱቅ ኖሮት አያውቅም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የገዙኝ ሰዎች የሰማሁትን ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ «ታዲያ የገዛዎት ማን ነው?» የሚለውን። አንዳንዶቹም በዱቤ ስሰጣቸው ያለ ጭቅጭቅ መለሱ፤ ዋጋውን ከጅምሩ አምነውበታልና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ቀዳም ስዑር ነበር። በማግስቱ ፋሲካ። የብዙዎቻችን ሱቅ በበዓል ዕቃ እንደተሞላ፣ በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደተለጠፈ ጥለን ወጣን። የእኔም ደብተር እዚያው ቀረ። ዛሬ ደንበኞቼ በገዳሪፍ፣ በፖርት ሱዳን፣ በካይሮና በአዲስ አበባ ተበትነዋል፤ ንግዱም በስልክ ሆኗል። ገዢዋ ጨርቁን በእጇ አትዳስሰውም፤ ማዶ ያለውን ሱቅ አታይም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስንት እንዳለ አታውቅም። ያላት እኛ የጻፍንላት ሦስት ቃል ብቻ ነው። በር ላይ ከነበረው ወረቀት ይልቅ ዛሬ በስልክ የሚላከው የበለጠ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ለገዢዎች ሦስት ጥያቄ እተዋለሁ፤ ለነጋዴዎችም ያው ሦስት ነው፤ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱን ጻፉት። በዚህ የነበረ ዋጋ ባለፈው 30 ቀን ውስጥ የገዛ ሰው አለ? ዛሬ ስንት አለ፣ ከበዓሉ በፊትስ ሌላ ይመጣል? ራሴ መጥቼ ብወስደው ስንት ነው? ሦስቱንም በአንድ መልእክት መመለስ የማይችል ነጋዴ ቅናሽ የለውም። ያኔ እኔም አልነበረኝም።